«ትሎኑ ኵንደገና ጰተቀ»፦ በግሬፕና በኢንዴክስ የጥገና ማስታወሻ ፍለጋ

ቀን 1

ፎልደሩ ውስጥ 7,412 ፋይል አለ። የስምንት ዓመት የጥገና ማስታወሻ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለው፦ ፓምፑ ምን ሆነ፣ ምን ተፈታ፣ ምን ተቀየረ። ሁሉም ተደምሮ 38 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባልደረቦቼ በቀን አሥር ጊዜ «ይሄ ነገር ከዚህ በፊት ገጥሞን ያውቃል?» ይሉኛል። እኔም ቶሎ መመለስ እፈልጋለሁ።

የጀመርኩት ከግሬፕ ነው። ግሬፕ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። ስሙ የመጣው ኢድ ከሚባለው የጥንት ጽሑፍ ማረሚያ ነው። እዚያ ላይ `g/re/p` ብለህ ስትጽፍ «ይህን ፓተርን የያዘውን መስመር ሁሉ አውጣልኝ» ማለት ነበር። ዛሬም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ የገጠመውን መስመር ያወጣል።

```
grep -rl 'ጎማ' notes/ | wc -l
```

418 ፋይል አለ። ግን 52 ሰከንድ ፈጀ። 38 ሜጋባይት ለማንበብ 52 ሰከንድ! ያንኑ ትእዛዝ ወዲያው ደገምኩት። ግማሽ ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

ልዩነቱን ያመጣው ፓተርኑ አይደለም። ፎልደሩ ያለው የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ለእያንዳንዱ ትንሽ ፋይል መርፌውን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አለበት። አንዱ እንቅስቃሴ ሰባት ሚሊሰከንድ ቢወስድ በ7,412 ስታባዛው 52 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። በሁለተኛው ዙር ግን ፋይሎቹ ሚሞሪ ውስጥ ስለቆዩ ዲስኩ አልተነካም። «ግሬፕ ፈጣን ነው» የሚልም «ግሬፕ ቀርፋፋ ነው» የሚልም ሰው ብዙ ጊዜ የለካው ዲስኩን ነው።

ቀን 2

ዛሬ የመጣው ጥያቄ «እስካሁን ምን ምን ተሰበረ?» የሚል ነበር። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ሬጌክስ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ሰው «ተሰበረ» ብቻ አይጽፍም። ሰበረው፣ ይሰበራል፣ ስብራት፣ ሰባራ፣ ሲሰበር ይላል። የማይለወጠው የሦስቱ ተነባቢዎች ቅደም ተከተል ነው፤ አናባቢው እንደ ልቡ ይሆናል። በእኛ ፊደል ደግሞ አናባቢው ፊደሉ ላይ ስለሚጣበቅ እያንዳንዱን ተነባቢ ከነቤተሰቡ መጻፍ የግድ ነው፦

```
grep -rE '[ሰሱሲሳሴስሶ][በቡቢባቤብቦ][ረሩሪራሬርሮ]' notes/
```

ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ ፊደል» ማለት ነው። በራሴ ኮርቼ ውጤቱን ማንበብ ጀመርኩ። ኩራቱ አሥር መስመር አልቆየም። «መብራቱ ሲበራ ድምፅ ያሰማል» የሚል መጣ። ቀጥሎ «ሞተሩ ሲበርድ ይነሳል»። ሲ-በ-ራ፣ ሲ-በ-ር። ፓተርኑ የሚያየው ፊደል ነው፤ የትኛው «ሲ» ቅጥያ እንደሆነ፣ የትኛው ከግሱ እንደሆነ አያውቅም።

ይሄኛው ስህተት ቢያንስ ዓይን ላይ ይታያል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ባለፈው ወር እኔው ራሴ «ዘንጉ ተሰብሯል» ብዬ የጻፍኩበት ፋይል ውጤቱ ውስጥ የለም። ፋይሉን ከፍቼ ፊደል በፊደል ቆጠርኩ፤ ሰ፣ ብ፣ ሯ። ሯ! ከሰባቱ ቤት ውጭ ናት። እኔ ደግሞ ሰባቱን ብቻ ነው የጻፍኩት። የጥገና ማስታወሻ ላይ ከ«ተሰብሯል» የበለጠ የተለመደ ቃል ፈልገህ አታገኝም። እሱኑ ነው ያመለጠኝ።

ሌላም አለ። «ተሰባብሯል» ሲባል መሃል ላይ አንድ «ባ» ትጨመራለች። አንዳንዱ ደግሞ በሠ ይጽፋል። በሌላ በኩል ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ሶ በዚህ ግስ መነሻ ላይ ምንም አይሠሩም። ስለዚህ አንዱን ቅንፍ አጠበብኩ፣ ሌላውን አሰፋሁ፦

```
grep -rE '[ሰሠስሥ]ባ?[በብባ][ረሩሪራሬርሮሯ]' notes/
```

የጥያቄ ምልክቱ «ባ ብትኖርም ባትኖርም» ማለት ነው። ሲበራና ሲበርድ ጠፉ፤ ተሰብሯል መጣ። «ድምፁ አስበረገገኝ» የሚል አንድ መስመር ግን አልጠፋ አለ። ስ-በ-ረ። እሱን ተውኩት፤ አንድ መስመር በዓይን መዝለል አያቅተኝም።

ቀን 4

የ52 ሰከንዱን ነገር ለማቅለል አንድ ዘዴ ሞከርኩ። ችግሩ የፋይሉ ብዛት ከሆነ ሁሉንም አንድ ፋይል ላድርጋቸው አልኩ፦

```
grep -r '' notes/ > hulu.txt
```

ባዶ ፓተርን ሁሉንም መስመር ያወጣል። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ደግሞ የፋይሉ ስም አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁና `hulu.txt` ላይ ፈለግኩ። ሰከንድ እንኳ አልወሰደም። ዲስኩ አሁን የሚያነበው በቀጥታ መስመር ነው፤ መዝለል የለም።

ለአንድ ሰው ይሄ በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። እኔ ያላቆምኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «ጎማም ዘይትም ያለበት ማስታወሻ» ስባል ሁለቱ ቃላት የተለያየ መስመር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ግሬፕ ደግሞ የሚያስበው በመስመር ነው። ሁለተኛ፣ ባልደረቦቼ 400 መስመር ተዘርግቶላቸው አንብቡ ሲባሉ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ይበልጥ የሚመለከተው ከላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ቀን 6

ኢንዴክስ ሠራሁ። ሐሳቡ መጽሐፍ ጀርባ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ጽሑፉን ሁሉ አንብቦ በቃላት ይቆራርጠዋል። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የሚገኝባቸውን ፋይሎች ይመዘግባል። ስትፈልግ የሚከፈተው ማውጫው ብቻ ነው፤ 7,412ቱ ፋይል አይነካም። የተጠቀምኩት `sqlite3` ውስጥ ያለውን ኤፍቲኤስ5 ነው።

```
CREATE VIRTUAL TABLE m USING fts5(path UNINDEXED, body);
INSERT INTO m SELECT name, CAST(data AS TEXT)
  FROM fsdir('notes') WHERE data IS NOT NULL;
SELECT path FROM m WHERE m MATCH 'ጎማ* ዘይት*' ORDER BY rank LIMIT 10;
```

ኮምፒውተሩ እንደተነሳም ቢሆን መልሱ ዓይን ሳይጨፍኑ ይደርሳል። ሁለቱ ቃላት የትም መስመር ላይ ይሁኑ ያገኛቸዋል። `rank` ደግሞ ቃሉ በብዛት ያለበትን አጭር ማስታወሻ ወደ ላይ ያመጣዋል። ዋጋው፣ የጽሑፉን ቅጂም ማውጫውንም ስለሚይዝ ዳታቤዙ ከማስታወሻዎቹ ይበልጣል። ለ38 ሜጋባይት ማን ይጨነቃል።

ከዚያ ከግሬፕ ጋር አስተያየሁት። ግሬፕ «ጎማ» ያለበት 418 ፋይል ብሎኛል። ኢንዴክሱ `ጎማ*` ስለው 236 አለ። ኮከቧ «በዚህ የሚጀምር ሁሉ» ማለት ናት፤ ስለዚህ ጎማው፣ ጎማዎቹ፣ ጎማና ተገኝተዋል። የጎማው፣ በጎማ፣ ከጎማው ግን አልተገኙም። ለኢንዴክሱ «በጎማ» በበ የሚጀምር ሌላ ቃል ነው። ማውጫው በፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ ከኋላ የሚጨመረውን ይችላል፤ ከፊት የሚጨመረውን አይችልም። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይጨምራል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ኢንዴክሱን ስሠራ የ፣ በ፣ ለ፣ ከን ከቃል ፊት መቁረጥ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳስብ ተውኩት። «በር» ሲቆረጥ «ር» ይቀራል፣ «ከበሮ» ደግሞ «በሮ» ይሆናል። ስለዚህ ኢንዴክሱን ሳይሆን ጥያቄውን አበዛሁ፦

```
ጎማ* OR የጎማ* OR በጎማ* OR ለጎማ* OR ከጎማ* OR ስለጎማ* OR እንደጎማ*
```

397 ደረሰ። የቀሩትን 21 አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሰባቱ «ባለጎማ»፣ «ከነጎማው»፣ «ያለጎማ» የሚሉ ነበሩ፤ ጨመርኳቸውና 404 ሆነ። አሥራ አራቱ ግን ጎማ የሚባል ነገር የላቸውም። ምን እንዳለባቸው ገምቱ። «ድጎማ»! የበጀት ድጎማ። ግሬፕ ድ-ጎ-ማ ውስጥ ጎማ አይቶ ነው። እዚህ ላይ ልክ የነበረው ኢንዴክሱ ነው።

ቀን 7

ኤፍቲኤስ5 ጽሑፉን በቃል ፈንታ በሦስት በሦስት ፊደል የሚቆርጥበት `trigram` የሚባል ምርጫም አለው። ቃል መሃል ያለውንም ያገኛል ሲባል ሰምቼ ሞከርኩት። «ጎማው» ስለው በጎማውንም የጎማውንም አመጣ። «ጎማ» ስለው ዜሮ። ስህተት አላለም፤ ዝም ብሎ ዜሮ። ሁለት ፊደል ለሦስት አይበቃማ። ጎማ፣ ሽቦ፣ ቤት፣ ውሃ፣ ብር ሁሉም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። በላቲን ፊደል አራት አምስት የሚወስደውን እኛ በሁለት እንጨርሰዋለን። ወደ ቃል ኢንዴክሱ ተመለስኩ።

ቀን 8

ሰራ ነው ሠራ? ማስታወሻዎቹ ውስጥ ሁለቱም አለ፤ አንዳንዴ አንድ ገጽ ላይ። በግሬፕ `[ሰሠ]ራ` ብዬ እገላገላለሁ። ኢንዴክሱ ግን ሁለት ቃል አድርጎ መዝግቧቸዋል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ጽሑፉን አንድ ወጥ የሚያደርግ መስመር አስገባሁ። ለጊዜው ሠን ብቻ፤ ሐ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ቆይተው ይመጣሉ።

```
sed 'y/ሠሡሢሣሤሥሦ/ሰሱሲሳሴስሶ/' "$f" > "clean/$name"
```

የተጠየቀውም ቃል በዚሁ መስመር ማለፍ አለበት። አለዚያ «ሠራ» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኢንዴክሱም አሁን የሚሠራው ከ`clean` ፎልደር ነው። ተርሚናል ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። በየሌሊቱ 8 ሰዓት በራሱ እንዲሄድ ክሮን ላይ አስገብቼ ተኛሁ።

ቀን 9

ጠዋት አንድ ባልደረባዬ «አንተ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ምንም አያገኝም እኮ» አለኝ። «በጎማ» ብዬ ሞከርኩ። ዜሮ። «ጎማ» ግን ይመጣል። «የጎማ» ይመጣል። በበ የሚጀምር ብቻ ነው የጠፋው። እንግዳ ነገር። አንዱን ማስታወሻ ከዳታቤዙ አውጥቼ አነበብኩ፦

«ትሎኑ ኵንደገና ጰተቀ»

ዋናው ፋይል የሚለው «ብሎኑ እንደገና ጠበቀ» ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ 7,412 ፋይል እንዲህ ሆኖ ነው የተመዘገበው።

ብ ት ሆናለች፣ በ ተ ሆናለች፣ እ ኵ፣ ጠ ጰ። የዘፈቀደ አይመስልም። ባይቶቹን አየሁ፦

```
printf 'ሠሰ' | xxd -p     # e188a0 e188b0
printf 'በተ' | xxd -p     # e189a0 e189b0
```

ክፍተቱን ለንባብ እንዲመች እኔ ነኝ የጨመርኩት። በዩቲኤፍ-8 የእኛ ፊደል ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። ሠ እና ሰ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው፤ `a0` እና `b0`። በ እና ተም እንደዚያው።

ተርሚናሌ የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 ነው። ስለዚህ `sed` ሦስቱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ ያያል። ክሮን ግን የእኔን ቅንብር አይወርስም። ባዶውን፣ `C` የሚባለውን ይዞ ነው የሚነሳው። እዚያ ባይት ሁሉ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። የጻፍኩት ትእዛዝ በዚያ ዓይን ሲነበብ «`a0`ን የትም ብታገኘው `b0` አድርገው» ሆነ። ሠን ብቻ ሳይሆን በን፣ አን፣ ጠንም። የሁለቱ ዝርዝር ርዝመት በባይትም እኩል ስለሆነ ቅሬታ እንኳ አላሰማም።

ግሬፕም ከዚህ አያመልጥም። በ`C` ቅንብር `[ሰሠ]ራ` ብለህ ብትፈልግ «በራ»ንም ይሰጥሃል። ቅንፉ ውስጥ ያሉት ባይቶች እንጂ ፊደሎች ስላልሆኑና የበ የመጨረሻ ባይት ከነሱ አንዱ ስለሆነ ነው። ግሬፕን ለማፍጠን `LC_ALL=C` ጨምር የሚል ምክር በየቦታው አለ። ቋሚ ቃል ስትፈልግ አይጎዳም፤ ቅንፍ ወይም የጥያቄ ምልክት ካለበት ግን እንዳትሞክረው።

ማስተካከያው ስክሪፕቱ አናት ላይ አንድ መስመር ናት፦

```
export LC_ALL=C.UTF-8
```

ኢንዴክሱን እንደገና ሠራሁት። ብሎኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ማመሳከሪያ ጨመርኩ። አሥር የታወቁ ቃላትን በግሬፕ ከዋናዎቹ ፋይሎች፣ በኢንዴክሱ ደግሞ ከዳታቤዙ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከትናንቱ ብዙ ከራቀ አዲሱን ዳታቤዝ ጥሎ የትናንቱን ያቆያል።

ቀን 12

የ«ሰበረ» ጥያቄ አሁንም ቅር እያለኝ ነበር። ኢንዴክሱ ሬጌክስ አያውቅም። ያንን ሁሉ ቅርጽ በ`OR` ልደርድር ብል የትኛውን ረስቼ የትኛውን አስታውሳለሁ? ሯን የረሳሁት ሰውዬ ነኝ።

መውጫው ኢንዴክሱ ራሱ ውስጥ ነበር። የመዘገባቸውን ቃላት ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፦

```
CREATE VIRTUAL TABLE v USING fts5vocab('m', 'row');
.output qalat.txt
SELECT term FROM v;
```

ወደ 140 ሺህ የተለያየ ቃል ወጣ፤ በአንድ መስመር አንድ ቃል፣ ያለ ድግግሞሽ። የቀን 2 ፓተርኔን በማስታወሻዎቹ ፈንታ በዚህ ፋይል ላይ አሄድኩት፦

```
grep -E '[ሰስ]ባ?[በብባ][ረሩሪራሬርሮሯ]' qalat.txt
```

113 ቃል። ሠ አስቀድማ ሰ ስለሆነች ከቅንፉ ወጥታለች። አንድ ገጽ የማይሞላ ዝርዝር ስለሆነ በዓይን አጠራሁት። «አስበረገገኝ» ተሰረዘ። «ስበርድ» የሚልም ነበር፤ አንድ ሰው ጥገና መሃል ስለ ብርዱ ጽፏል። የቀሩትን በ`OR` አያይዤ ለኢንዴክሱ ሰጠሁት። ሬጌክሱ ቅርጾቹን አገኘ፣ ኢንዴክሱ ፋይሎቹን አመጣ፣ የበለጠ የሚመለከተውም ከላይ ሆነ።

የጎማውንም ጥያቄ በዚሁ መንገድ ቀየርኩት። `grep 'ጎማ' qalat.txt` ስል ባለጎማ፣ ከነጎማው፣ ያለጎማ ሁሉም አሉ። ቅጥያዎቹን ከጭንቅላቴ እየፈለግኩ መዘርዘር ቀረ። ድጎማን መሰረዝ ብቻ ነው።

ቀን 13

ማመሳከሪያው አራተኛ ሌሊቱን ያዘ። ግሬፕ 418፣ ኢንዴክሱ ከአሥራ አራቱ ድጎማ ጋር 418። ልክ ነው ብዬ ልዘጋው ስል አንድ ባልደረባዬ «የእኔ የባለፈው ዓመት ማስታወሻ አንድም ጊዜ መጥቶ አያውቅም» አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት፤ «ጎማው ተቀይሯል» ይላል፣ በግልጽ። ግሬፕ አያገኘውም። ኢንዴክሱም አያገኘውም።

ማንኛውም የአማርኛ ማስታወሻ ውስጥ «ን» የማትገኝበት ገጽ የለም። ስለዚህ ን የሌለባቸውን ፋይሎች ጠየቅኩ፦

```
grep -rL 'ን' notes/ | xargs -d '\n' file
```

61 ፋይል ወጣ። ጥቂቶቹ ባዶ ናቸው። ሌሎቹ የዕቃ ቁጥር ብቻ የያዙ ናቸው። 44ቱ ላይ ግን `UTF-16, little-endian` ይላል። ይሄ ባልደረባዬ የሚጽፍበት አሮጌ ፕሮግራም ሲያስቀምጥ «ዩኒኮድ» የሚል ምርጫ አለው፤ እሱም አማርኛ ነውና ብሎ እሱን መርጧል። በዩቲኤፍ-16 እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ነው፣ ባይቶቹም ሌሎች ናቸው። ስክሪን ላይ ያው ጎማ ነው። ግሬፕ የሚፈልገው የባይት ሰልፍ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ኢንዴክሱም የበላው ያንኑ ባይት ስለሆነ ሁለቱ በአንድነት ተሳስተው በቁጥር ተስማምተዋል።

44ቱን በ`iconv -f UTF-16 -t UTF-8` ቀየርኳቸው። ጎማ 423 ሆነ። ባልደረባዬ የራሱን ማስታወሻ ፈልጎ ሲያገኘው ሦስተኛ ላይ ነበር። «አንደኛ ለምን አልሆነም?» አለኝ።